ያላዩት ሞተር ስንት ብር ይቀነስለታል? የባንክ መኪና ጨረታ እንዴት ይሠራል?

ጋዜጣ ላይ የሚወጣ የባንክ የሐራጅ ማስታወቂያ ጠባብ ሰንጠረዥ ነው። የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ የምርት ዘመን፣ የመነሻ ዋጋ፣ ጨረታው የሚካሄድበት ቀንና ሰዓት ይደረደሩበታል። ከሥሩ ደግሞ ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ግዴታዎች አሉ፤ ከእነሱም አንዱ መኪናው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ እንደሆነ ይገልጻል። ሞተሩ ይነሳ እንደሆነ፣ ካምቢዮው ይገባ እንደሆነ፣ መኪናው ተጋጭቶ ያውቅ እንደሆነ የሚናገር ዓምድ ግን አይገኝም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊነቱ አልቀነሰም። ከቦሌ እስከ ገርጂና ሲኤምሲ ባሉት የመኪና መሸጫ ግቢዎች ዋጋ ጠይቆ የደነገጠ ሰው ዓይኑን ወደ ጨረታ ማስታወቂያ ቢጥል አይገርምም። የመነሻ ዋጋው ግቢዎቹ ውስጥ ከሚጠራው ያነሰ ነው። ልዩነቱ ትርፍ ይሁን ወይም የተደበቀ የጥገና ወጪ፣ ያንን ከጨረታው ቀን በፊት በወረቀት ላይ አስልቶ ማወቅ ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ባንኩ መኪናውን እንዴት ይሸጣል?

አንድ ሰው መኪና አስይዞ ይበደርና መክፈል ያቅተዋል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለተበዳሪው ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የተያዘውን ንብረት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። መኪናው ባንኩ ግቢ ወይም ባንኩ በተከራየው ማቆሚያ ይገባል፤ የባንኩ ባለሙያዎች ይገምቱታል፤ ግምቱ የጨረታው መነሻ ዋጋ ይሆናል።

ተጫራቹ ብዙውን ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ሩብ በሲፒኦ አሠርቶ ይቀርባል። በሐራጁ ቀን ስሙ ይመዘገባል፣ መነሻው ይጠራል፣ ከዚያ በአፍ እየጨመሩ ይሄዳሉ። በታሸገ ፖስታ የሚካሄዱም አሉ። ያሸነፈው ቀሪውን ገንዘብ ማስታወቂያው በሚያስቀምጠው ቀን፣ በብዙዎቹ ማስታወቂያዎች በ15 ቀን ውስጥ፣ አጠቃልሎ ይከፍላል። ካልከፈለ ሲፒኦው ይቀራል። ባንኩ በበኩሉ ጨረታውን በሙሉ ወይም በከፊል የመሰረዝ መብቱን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ባንኩ መኪናውን ነድቶት አያውቅም። ስለ ሞተሩ ዝም ያለው ለመደበቅ ብሎ ላይሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። የሚያውቀው ባለ ዕዳው ነው፤ እሱ ደግሞ እንዲነግርዎ የሚያስገድደው ነገር የለም።

ደረጃ የሚሰጥበት ጨረታ ምን ይመስላል?

የጎደለውን ለማየት ወደ ጃፓን እንሂድ። በጃፓን የመኪና ጨረታ ቤቶች እያንዳንዱ መኪና ከመሸጡ በፊት መርማሪ ያየውና አንድ ገጽ የምርመራ ወረቀት ይሞላለታል። በላዩ ላይ አጠቃላይ ደረጃ አለ። 5 ለአዲስ የቀረበ ነው፤ 4 ተራ ጭረትና ስርጉድ ያለበት ጤነኛ መኪና ነው፤ 3 ወይም 3.5 ብዙ የሰውነት ሥራ የሚፈልግ ነው። አር የሚል ፊደል ካለበት ተጋጭቶ የተጠገነ ማለት ነው። ለውስጡ ከኤ እስከ ዲ ለብቻው ደረጃ ይሰጠዋል። ከግርጌው የመኪናው ሥዕል ተነጥፎ ጭረቱ፣ ስርጉዱ፣ ዝገቱና የተቀየረው ክፍል በየቦታው በፊደልና በቁጥር ይጠቆማል።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው። መርማሪው ሞተር ፈትቶ አያይም። ደረጃው በዋናነት የሚናገረው ስለ ቦዲና ስለ አደጋ ታሪክ ነው፤ የሚናገረውም መኪናው በታየበት ቀን ስለነበረው ሁኔታ ብቻ ነው። በአሜሪካ የተጎዱ መኪኖች ጨረታ ላይም «ተነስቶ ይሄዳል» የሚል ምልክት የሚሰጠው መኪናው ግቢ ሲደርስ ተነስቶ መንቀሳቀሱን ብቻ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ገዢው ሲወስደው ይነሳል የሚል ዋስትና የለውም።

እኛ ዘንድ ያንን ወረቀት የሚሞላልን ስለሌለ ደረጃውን ራስዎ ያወጣሉ። ለዚህ ሦስት እርከኖች ይበቃሉ። አንደኛው ተነስቶ፣ ግቢው ውስጥም ቢሆን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተነድቶ ያዩት መኪና ነው። ሁለተኛው በዓይን ያዩት፣ የነኩት፣ ነገር ግን ያልተነሳ ነው። ሦስተኛው በማስታወቂያ ብቻ የሚያውቁት ነው። እርከኑ በወረደ ቁጥር ከሚያቀርቡት ዋጋ የሚቀነሰው ይጨምራል።

ከማስታወቂያው ራሱ የሚነበብ

ግቢው ሳይደርሱ የሚያውቁት ነገር ከሚያስቡት በላይ ነው። መጀመሪያ ጨረታው ለስንተኛ ጊዜ እንደወጣ ይመልከቱ። ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ጊዜ ከሆነ፣ ከእርስዎ በፊት የሄዱ ሰዎች አይተው በመነሻ ዋጋው አልወሰዱትም ማለት ነው። ምናልባት መነሻው በዝቶ ይሆናል፤ ምናልባትም ያዩት ነገር አለ።

ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥሩን ያንብቡ። አዲስ አበባ ላይ የሞላውን ቶዮታ ቪትዝ እንውሰድ። ቪትዝ ጃፓን ውስጥ የተሸጠበት ስም ነው፤ ውጭ አገር ያሪስ ይባላል። ለውጭ ገበያ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ አለው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ግን አጭር ነው፤ በሞዴሉ መለያ ይጀምራል፣ ሰረዝ ይከተላል፣ ከዚያ ቁጥር ይመጣል። ለምሳሌ የመጀመሪያው ትውልድ ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ SCP10 ብሎ ይጀምራል። ጃፓን መሪው በቀኝ ነው፣ እኛ ጋ በግራ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ ይህን አጭር ቁጥር ካዩ፣ መኪናው መሪው ተነቅሎ ወደ ግራ የተዛወረ ነው። ዳሽቦርዱ ወርዶ ተመልሷል፣ የመሪው ጥርስ ሳጥንና የፔዳሎቹ አቀማመጥ ተነካክቷል። ሥራው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ መጥፎ ከሆነ ግን መሪው ይላላል፣ ገመዶች ተቀጥለው ይገኛሉ። ግቢው ሲደርሱ የዝናብ መጥረጊያዎቹን ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ አቅጣጫቸው ሳይቀየር በቀኝ ለሚነዳ ሰው እንደተሠሩ ይቀራሉ።

ሦስተኛው የታክስና የቀረጥ መስመር ነው። «ከቀረጥ ነፃ የገባ» ወይም «ቀረጥና ታክስ ገዢው ይከፍላል» የሚል ካለ፣ ጉምሩክ ሄደው የሚከፈለውን በወረቀት ሳያረጋግጡ ሲፒኦ አያሠሩ። ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነም በስልክ ደውለው ይጠይቁ። ይህች መስመር ምን ያህል እንደምትመዝን ከታች እናያለን።

ቆሞ የከረመ መኪና

የሐራጅ መኪና ትልቁ ጠባይ ረጅም ጊዜ ቆሞ መክረሙ ነው። ከተያዘበት ቀን እስከ ሐራጁ ቀን ብዙ ወራት፣ ክርክር ካለበት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በመሃሉ ክረምት አለ። ባትሪው ይሞታል። ጎማው በአንድ ጎኑ ተጭኖ ቅርጹን ያጣል፣ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። የፍሬን ዲስክና ሲሊንደር ይዝጋል፣ ቤንዚኑ ያረጃል፣ አይጥ ገመድ ይበላል። እነዚህ ሁሉ መኪናው ሲቆም ጤነኛ የነበረ ቢሆንም የሚመጡ ናቸው፤ ስለዚህ እንደ እርግጠኛ ወጪ ይቆጠራሉ።

ግቢው ሲደርሱ መጀመሪያ ጥበቃውን ያነጋግሩ። «ጋሼ፣ ይሄ መኪና እዚህ ከቆመ ስንት ጊዜ ሆነው? እየተነዳ ነው የገባው ወይስ ተጎትቶ?» የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከማንኛውም ግምት ይበልጣል። ተነድቶ የገባ ከሆነ ቢያንስ በዚያ ቀን ሞተሩና ካምቢዮው ይሠሩ ነበር።

ከዚያ መካኒክ ይዘው ሞተር ሳያስነሱ የሚታየውን ይመልከቱ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ፤ ዘይቱ ነጣ ብሎ አረፋ ከያዘ ውኃ ገብቶበታል፤ የሞተሩ ራስ ጉርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ይችላል። የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ፤ ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ይሳቡት፤ ጫፉ ላይ የጭቃ መስመር ካለ መኪናው ጎርፍ አይቷል። የፓራፋንጎና የኮፈን ብሎኖች ላይ ቀለሙ ተላጥቶ ከሆነ ተፈተው ያውቃሉ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በቦዲው ላይ ያስኪዱ፤ በማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። የኋላ ኮፈን ውስጥ ትርፍ ጎማውን አንስተው ወለሉን ይመልከቱ፤ የተጨማደደና በእጅ የተበየደ ላሜራ ከኋላ መመታቱን ያሳያል። ጎማው ላይ የታተሙትን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት ጎማው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በመጨረሻም ላሜራው ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከማስታወቂያው ጋር አሃዝ በአሃዝ ያመሳክሩ። አንዲት አሃዝ ብትለይ ባንኩ በጽሑፍ እስኪያብራራ ድረስ አይጫረቱ።

ይህ ሁሉ ስለ ቦዲው ብዙ፣ ስለ ሞተሩ ግን ጥቂት ነው የሚነግርዎ። ካምቢዮውን ደግሞ ሳይነዱ ማወቅ አይቻልም።

ማሸነፍ ራሱ ማስጠንቀቂያ የሚሆንበት ምክንያት

አፉ የተሰፋ ጆንያ ገበያ ላይ ቆሟል እንበል። ውስጡ ስንት ኪሎ ጤፍ እንዳለ አይታወቅም፤ አምስት ሰዎች በዓይን ገምተው ዋጋ ይሰጣሉ። አንዱ 40፣ አንዱ 48፣ አንዱ 50፣ አንዱ 55፣ አንዱ 62 ኪሎ ይላል። የአምስቱ ግምት አማካይ ለእውነቱ ቅርብ ሊሆን ይችላል። ጆንያውን የሚወስደው ግን አማካዩ አይደለም፤ 62 ያለው ሰው ነው። ያሸነፈው ከሁሉ አብልጦ ስለገመተ፣ ማለትም ምናልባት ከሁሉ አብልጦ ስለተሳሳተ ነው።

ያልታየ ሞተር ላይ መጫረትም እንደዚሁ ነው። ሁሉም በሚገባ ያዩት መኪና ላይ ግምቶች ይቀራረባሉ፤ አሸናፊው ጥቂት ሺህ ብር ብቻ ነው የሚበልጠው። ማንም ያላየው ነገር በበዛ ቁጥር ግምቶች ይራራቃሉ፤ የአሸናፊው ስሕተትም ይገዝፋል። በዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ መኪናውን የሚያውቅ ሰው፣ የባለ ዕዳው ዘመድ ወይም የሚጠግነው የነበረ መካኒክ፣ ሊኖር ይችላል። እሱ ያቆመበት ዋጋ ላይ እርስዎ ከቀጠሉ፣ የሚያውቀው የተወውን የማያውቀው እያነሳ ነው።

ስለዚህ ላልታየ ነገር የሚቀነሰው ገንዘብ ከአማካይ ጉዳቱ ከፍ ማለት አለበት።

ስሌቱ

ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው፤ በሳምንቱ ዋጋ ይተኳቸው። ገርጂ የሚኖር ሰው አዳማ በሚገኝ የባንክ ግቢ የቆመ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቪትዝ ማስታወቂያ አየ። መነሻ ዋጋው 1,050,000 ብር ነው። ስለዚህ ሲፒኦው 262,500 ብር ይሆናል።

መጀመሪያ እዚያው ሰፈሩ ያሉ መሸጫዎችን ጠይቆ፣ ተመሳሳይ መኪና ተነስቶ፣ ተፈትሾ፣ ቦሎው ታድሶ ስንት እንደሚሸጥ ያጣራል። የሚጠራውን ዋጋ ሳይሆን መጨረሻ የሚሸጥበትን ይያዝ፤ 1,500,000 ብር እንበል።

ከዚህ ላይ እርግጠኛ ወጪዎች ይቀነሳሉ። ባትሪ፣ አራት ጎማ፣ የፍሬን ሥራ፣ ዘይትና ማጣሪያ 130,000፤ ከአዳማ ጭኖ ማምጣት 20,000፤ ውዝፍ ዓመታዊ ምርመራ፣ መድንና የስም ማዛወሪያ 50,000። ድምሩ 200,000 ብር ነው። 1,300,000 ቀረ።

አሁን ያልታየው ሞተርና ካምቢዮ ይመጣል። እንዲህ ካሉ አሥር መኪኖች አራቱ ጤነኛ፣ ሦስቱ 150,000 ብር፣ ሦስቱ ደግሞ ሞተር መቀየር አስፈልጓቸው 400,000 ብር የሚያስወጡ ናቸው ብለን እንውሰድ። አማካዩ 165,000 ነው። ነገር ግን ከላይ ባየነው ምክንያት አማካዩ አይበቃም፤ 300,000 ይቀነስ። 1,000,000 ቀረ።

የመጨረሻው ቅናሽ ለድካሙና ለስጋቱ ነው። ተፈትሾ የተነዳ መኪና ሰፈሩ እያለ ጨረታ ውስጥ ለመግባት ቢያንስ 100,000 ብር ማትረፍ አለበት፤ አለበለዚያ ምክንያት የለውም። ከፍተኛው ዋጋው 900,000 ብር ሆነ። መነሻው 1,050,000 ነው። መልሱ ግልጽ ነው፤ መኪናው በሦስተኛው እርከን ላይ እያለ ይህ ሰው አይጫረትም።

ሆኖም ቀን ቀርቶታል እንበል። ባንኩን በደብዳቤ አስፈቅዶ፣ መካኒክና የሚሠራ ባትሪ ይዞ አዳማ ይሄዳል። መኪናው ተነሳ፤ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ አልጋለም፣ ሰማያዊም ነጭም ጭስ አልወጣውም፣ ካምቢዮው ግቢው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገባ። አሁን ለሞተርና ካምቢዮ የሚቀነሰው ወደ 60,000 ይወርዳል፤ መንገድ ላይ ስላልተነዳ ዜሮ አይሆንም። ከፍተኛው ዋጋ 1,500,000 ሲቀነስ 200,000፣ ሲቀነስ 60,000፣ ሲቀነስ 100,000፣ 1,140,000 ብር ሆነ። ከመነሻው በላይ ነው። ያች የአንድ ቀን ጉዞ የ240,000 ብር ዋጋ አላት።

አሁን የቀረችው የቫት መስመር ናት። ማስታወቂያው ገዢው በሐራጁ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቫት ይጨምራል የሚል ከሆነ፣ ኪሱ የሚችለው 1,140,000 ቫትን ጨምሮ ነው። በአፍ የሚጠራው ዋጋ 1,140,000 ለ1.15 ተካፍሎ 991,304 ብር ይሆናል፤ እንደገና ከመነሻው ወረደ። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም አይጫረትም። ቫቱ በዋጋው ውስጥ ከተካተተ ግን እስከ 1,140,000 መሄድ ይችላል።

ካሸነፉ በኋላ

ከፍተኛው ቁጥር ከቤት ሲወጡ ወረቀት ላይ ተጽፎ በኪስ ይግባ፤ አዳራሽ ውስጥ አይለወጥ። እዚያ የሚሰሙት የሌሎች ተጫራቾች ድምፅ ቁጥሩን ከፍ የሚያስደርግ መረጃ ስለ ሞተሩ አይሰጥዎም።

ካሸነፉ የ15 ቀኑ ሰዓት መቁጠር ጀምሯል። ቀሪው ገንዘብ በእጅ ያለ ይሁን፤ ከዘመድ ይመጣል ወይም ሌላ መኪና ሲሸጥ ይሟላል የሚባል ገንዘብ ከሆነ 262,500 ብሩን አደጋ ላይ ጥለዋል። ከፍለው ሲጨርሱ ከባንኩ የሽያጭ ሰነድና ለአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የተጻፈ እግድ ማንሻና ስም ማዛወሪያ ደብዳቤ ይቀበሉ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ሞተሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ያረጋግጡ፤ ሞተሩ ተቀይሮ ካልተመዘገበ የስም ዝውውሩ እዚያ ላይ ይቆማል።

መኪናውን ሲረከቡ ደግሞ ወዲያው ለማስነሳት አይቸኩሉ። ቆሞ የከረመ ሞተር ዘይቱ ተቀይሮ፣ አሮጌው ቤንዚን ተደፍቶ፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው በእጅ ተዙሮ መላላቱ ከታየ በኋላ ቢነሳ ይሻላል። ፍሬኑ ሳይፈተሽ ከአዳማ እስከ አዲስ አበባ አይንዱት፤ ለጭነት የመደቡት 20,000 ብር ከስሌቱ ውስጥ መጀመሪያም የገባው ለዚህ ነው።